ለገሪማ የወጣው ፕሮግራም

መስመር በማስመር ዲላ ላይ ሽብሩን የሚያህል ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም በየመስከረሙ የሚያወጣው እሱ ነበር። ነጭ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ ማስመሪያውን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል፣ ከዚያ ሒሳቡን በሰማያዊ፣ አማርኛውን በቀይ፣ ሳይንሱን በአረንጓዴ እርሳስ እያለ አምስቱን የሥራ ቀን እንደ ጥልፍ ያሳምረዋል። እሱ ባወጣው ፕሮግራም ሁለት አስተማሪ አንድ ክፍል በር ላይ ተጋጭቶ አያውቅም። ዲሬክተር ሲቀየር ሽብሩ አይቀየርም፤ አዲሱም ዲሬክተር ከመጣ በሳምንቱ "ፕሮግራሙን ለአቶ ሽብሩ ተዉለት" ማለቱ አይቀርም።

ታዲያ ይህ ምስጋና ሰውየውን ትንሽ አበላሽቶት ነበር። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ ቀናተኛ ነበር። ሌላው አስተማሪ አዲስ ጫማ ቢያደርግ ቀኑ ይበላሽበታል። የጎረቤቱ ጎመን ካማረ የእሱ እንቅልፍ ይጎድላል። ሚስቱ አልጋነሽ በቤታቸው በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪናዋ ልብስ የምትሰፋ፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ነበረችና ይህን ጠባዩን ታውቀዋለች፤ ስለዚህ የሰው ሙገሳ ከገበያ ይዛ ስትመጣ እሱ ፊት አታወራውም። የልቡ ቅናት ግን ገሪማ እስኪመጣ ድረስ የተራበ ቅናት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከገሪማ ወዲህ ጠገበ።

ገሪማ የኢዲዶ ልጅ ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ካለው የአባቱ የቡና ማሳ ወጥቶ፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቆ ዲላ ሲመደብ ገና አፍላ ወጣት ነበር። አማርኛውን ከትምህርት ቤት የለመደው ነውና ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርገዋል፤ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ይህቺ አብሮ መሳቁ ናት ሽብሩን የምታንገበግበው። ሽብሩ አንዲት ቃል ቢሳሳት ሳምንት ሙሉ ፊቱ አይፈታም፤ ይህ ልጅ ግን በቀን አሥር ጊዜ ተሳስቶ የበለጠ ይወደዳል። እሑድ እሑድ በቸርቹ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ የአልጋነሽ ደንበኞች እንኳ ድምፁን ያነሳሉ። ሁለቱም ሳይንስ ያስተምራሉ። ከገሪማ በፊት ዲላ ላይ "የሳይንሱ አስተማሪ" ከተባለ ሽብሩ ማለት ነበር፤ አሁን ግን "የትኛው?" ተብሎ መጠየቅ ተጀመረ።

ነገሩ ጫፍ የደረሰው በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለቱም በየክረምቱ አዲስ አበባ እየወጡ በዩኒቨርሲቲው የክረምት ትምህርት ይከታተሉ ነበር። ያለፈው ክረምት ሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሚባል፣ በዓለምም ገና ትኩስ የሆነ ትምህርት ጀምረው ግማሹን እዚያው ተምረው፣ ግማሹን ደግሞ በፖስታ በሚላክ የጥያቄ ወረቀት እየሠሩ ዓመቱን ሙሉ ቀጥለው ነበር። ሰኔ ሲገባ ከዩኒቨርሲቲው መልእክት መጣ፦ የክረምቱ ትምህርት እንደተከፈተ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ የሚያጠቃልል የማጠቃለያ ፈተና ይሰጣል፤ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ከሁለቱ በዚህ ፈተና የበለጠው ደመወዙ ሳይቋረጥ በመደበኛው ተማሪነት አዲስ አበባ ገብቶ ዲግሪውን እንዲጨርስ ይለቀቃል። የሚለቀቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሽብሩ ይህን የሰማ ቀን ምሳውን አልበላም። ዲግሪ! ሲመለስ ዲሬክተር፣ ከዚያም ማን ያውቃል፣ ከዲሬክተርም በላይ። ይህ ሁሉ ሊሆንለት ይችላል፤ ካልሆነ ደግሞ ገሪማ ተመልሶ መጥቶ "አቶ ሽብሩ፣ ፕሮግራሙን አውጣ" ሊለው ነው። 

ሥራው ቢሆን ፋታ አይሰጥም። ሰኔ ለአስተማሪ የዓመቱ ክፉ ወር ነው፤ የተማሪ ፈተና ማዘጋጀት፣ መፈተን፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ መቆም፣ ማረም፣ ውጤት መደመር፣ ሰርተፊኬት መጻፍ። መጽሐፉ ደግሞ ለሁለቱ አንድ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በሽብሩ ፊርማ የወጣ፣ ጡብ የሚያክል ሰማያዊ መጽሐፍ፤ ተካፍሎ ማንበብ ግዴታ ነው።

ገሪማ አንድ ቀን ከክፍል ሲወጡ በረንዳው ላይ ያዘው።

"ጋሼ ሽብሩ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ።"

"ምን ሆንክ?"

"ሥራው በዛች። የቱን መቼ እንደማነብ ጠፋኝ። እርስዎ ፕሮግራም ሲያወጡ ሰው ሁሉ ያደንቃል። ለእኔም የሦስት ሳምንት የጥናት ፕሮግራም ቢያወጡልኝ? መጽሐፉም በእርስዎ እጅ ናት፤ ማን መቼ እንደሚይዝ አብረው ይጻፉት።"

 ሽብሩ ልጁ የሚያላግጥበት መስሎት ፊቱን አየው። አያላግጥም፤ ከልቡ ነው። ያኔ ሽብሩ አንድ ተንኮል ታየው።

"እሺ፣ ችግር የለም። ነገ ታገኛለህ" አለው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

ማታውን ሁለት ካርቶን ዘረጋ። መጀመሪያ የራሱን አወጣ። እንዴት ያለ ፕሮግራም! የመጀመሪያው ሳምንት ለዲኤንኤ ብቻ፤ አሠራሩ፣ ሁለቱ ክሮች እንዴት እንደሚጠማዘዙ፣ እንዴት እንደሚባዙ። ሁለተኛው ሳምንት ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ የሚደረገው ቅጂ፣ ፕሮቲኑን የሚያዝዘው የሦስት ሦስት የዲኤንኤ ፊደል ምስጢር፣ ራይቦዞም ላይ ፕሮቲን የሚሠራበት መንገድ። ሦስተኛው ሳምንት ጂኖች እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ፣ የዘር ለውጥ፣ በባክቴሪያ ላይ የሚያድሩት ቫይረሶች። እያንዳንዱ ምዕራፍ በተራው ይገባል፣ በተራው ያልቃል፣ አንዴ ካለቀ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መጽሐፉን ገልጦ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ዋና ዋናውን በቀይ እርሳስ ማስመር። ሲጨርስ ራቅ አድርጎ አየው፤ ወደደው።

ከዚያ ወደ ገሪማ ካርቶን ዞረ። እዚህ ላይ ሽብሩ ያደረገውን ማንም አላየውም፤ አልጋነሽ እንኳ የምትሰፋው የደንብ ልብስ ነበረባትና ቀና አላለችም። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጣመመ ፕሮግራም አወጣ። ሰኞ የዲኤንኤ መባዛት አለ፤ ማክሰኞ ገና ሳይገባው ዘልሎ የፕሮቲን አሠራር፤ ረቡዕ እንደገና ወደ ዲኤንኤ መባዛት፤ ሐሙስ ጂን መክፈትና መዝጋት፤ ዓርብ የማክሰኞው ግማሽ፤ ቅዳሜ የዘር ለውጥና የሰኞው እንደገና። በቀጣዩም ሳምንት አንድ አዲስ ከገባ ሁለት አሮጌ ይመለሳል። አንዱን ጠግቦ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይነዳዋል፣ ሌላውን ሳይጨርስ ወደ ፊተኛው ይመልሰዋል። ልጁ ከወዲያ ወዲህ ሲባክን፣ ራሱ ዞሮበት፣ ሁሉንም ደባልቆ አንዱንም ሳይዝ ይቅር ብሎ ነው።

ይህም አልበቃውም። መጽሐፉ ለገሪማ በየሁለት ቀኑ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል፤ የቀረው ሰዓት ግን ባዶ እንዳይታይ፣ ልጁም እንዳያጉረመርም ሽብሩ አንድ ነገር ፈጠረ። በባዶዎቹ ሰዓቶች ላይ "ያለ መጽሐፍ" ብሎ ጻፈ፤ በዚያ ሰዓት ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጡትን የጥያቄ ወረቀቶች ደግሞ እንደገና ይሥራ፣ መጽሐፉ ሲደርሰው ያስተያይ። የፈተና መቆሚያውንም ተራ የሚያወጣው እሱ አይደል? የገሪማን ተራ እዚህም እዚያም በትኖ ጊዜውን ብጥስጥስ አደረገው። በመጨረሻም ቀለሞቹን ከራሱ ካርቶን አስበልጦ አሳመራቸው፤ ተንኮሉ ያማረ ልብስ ይልበስ ብሎ ይሆናል።

ገሪማ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ጋሼ! እንዲህ ደክመው!" አለና ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ። ሽብሩ ያንን እንባ ሲያይ ጥቂት ጭንቅ አለው። ያቺም ከሻይ በፊት ለቀቀችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ሁሉ እንዳሰበው ሄደ። ሽብሩ ምዕራፉን ያነባል፣ ያሰምራል፣ ይገባዋል። እንዴት ደስ ይላል! አንዱን ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያነበው ቃሉ ሁሉ የሚያውቀው ዘመድ ይመስለዋል፤ ራሱን ነቅንቆ "ይሄማ አለቀ" እያለ ይገለብጣል። ገሪማ ግን መከራውን ያያል። አንድ ቀን ከሰዓት ሽብሩ በክፍሎቹ ጎን ሲያልፍ በመስኮት አየው። ልጁ በባዶ ክፍል ጥቁር ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዞ ቆሟል። ይጽፋል፣ ያቆማል፣ ግንባሩን ይዛል፣ ያጠፋል። ሽብሩ መስኮቱ ሥር ቆሞ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

"እንዴት ነው ጥናቱ?" አለ በሩ ላይ ብቅ ብሎ።

"ኧረ ጋሼ፣ ጠፋብኝ። ሰኞ ያነበብኩት ዛሬ ግማሹ የለም። ጭንቅላቴ ወንፊት ነው መሰለኝ። አንዱን ይዤ ብጨርስ አይሻልም?"

"አይዞህ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው" አለው ሽብሩ በአባት ድምፅ። "ፕሮግራሙን እንዳትለቅ ብቻ። አንዴ ከለቀቅከው ሁሉም ይበላሻል።"

"እሺ፣ አልለቅም።"

አለመልቀቁ ነው ጉዱ። ገሪማ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የጠፋበትን ነገር በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ መጽሐፉ ሲደርሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ቀጥታ ወደ ጠፋበት ይሄዳል፤ ጊዜው አጭር ነውና የሚያውቀውን ደግሞ የማንበብ ቅንጦት የለውም። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ነገር በፕሮግራሙ ይመለስበትና እንደገና ባዶ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠፋበት ጥቂት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ምንም አይጠፋበትም።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ሽብሩ ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ሳቅ ሰማ። ገሪማ መጽሐፉን ሊወስድ መጥቶ እየጠበቀ ነው። አልጋነሽ መኪናዋን አቁማ፣ ክንዷን ጨርቁ ላይ አስደግፋ ትሰማዋለች።

"ባክቴሪያዋ ሞኝ አይደለም፣ እትዬ" ይላል ልጁ። "የወተት ስኳር ከሌለ የወተት ስኳር የሚቆርጠውን ኢንዛይም አይሠራም። አንድ ዘበኛ ፕሮቲን አለች፤ ሄዳ ዲኤንኤው ላይ፣ ከጂኑ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እሷ ከተቀመጠች ጂኑ አይነበብም።"

"ስኳሩ ሲመጣስ?"

"ስኳሩ ዘበኛውን ይይዛታል። ስትያዝ ቅርጿ ይለወጣል፣ ከዲኤንኤው ላይ ትነሳለች። ያኔ ጂኑ ይነበባል፣ ኢንዛይሙ ይሠራል።"

"እንግዲህ ዘበኛዋ ከመጀመሪያው የተበላሸች ብትሆንስ? መቀመጥ ቢያቅታት?" አለች አልጋነሽ እየሳቀች። "ስኳር ኖረ አልኖረ ሲሠራ ሊውል ነዋ!"

"እንዴ እትዬ! እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች እኮ አሉ!" ብሎ ገሪማ እጁን አጨበጨበ። "ዲኤንኤው ላይ ያለው መቀመጫዋ ራሱ ቢበላሽም ያው ነው፤ የምትቀመጥበት ቦታ ያጣል።"

ሽብሩ ደረጃው ላይ ደርቆ ቀረ። ይህ ምዕራፍ በእሱ ፕሮግራም የሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ገና አልነካውም። ሚስቱ ግን ታውቀዋለች! በራሱ በረንዳ፣ በራሱ መጽሐፍ ምክንያት፣ ሚስቱ ከሌላ ሰው አፍ ትማራለች፣ ትስቃለችም። አልጋነሽ ለእሱ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው? ዓይኑ ደም ለበሰ። መጽሐፉን ከቤት አምጥቶ ለልጁ ወረወረለት ማለት ይቀላል።

"ጋሼ፣ አንዲት ጥያቄ" አለ ገሪማ መጽሐፉን ተቀብሎ፤ የሰውየውን ፊት አላስተዋለም። "የዲኤንኤ ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። የሚያባዛው ኢንዛይም ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራ። ታዲያ ሁለተኛው ክር እንዴት ነው የሚባዛ ብዬ ልፈትንዎ።"

ሽብሩ ይህን አንብቦታል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ በቀኝ በኩል ባለው ገጽ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በቀይ አስምሮበታል። ቀዩ መስመር ፊቱ ላይ ይታየዋል፤ ቃሉ ግን የለም። መስመሩ ብቻ ነው የቀረው።

"አሁን ደክሞኛል" አለ።

"በአጭር በአጭሩ እየተቆራረጠ ይሠራል፣ ከዚያ ሌላ ኢንዛይም መጥታ ቁርጥራጩን ትቀጥላለች" አለ ገሪማ ለራሱ እንደሚናገር፤ ደስ ብሎት ደረጃውን ወረደ።

ያን ምሽት ሽብሩ እንቅልፍ አልወሰደውም። ይህ ልጅ እንዴት አወቀ? ከሚስዮኖቹ ሌላ መጽሐፍ አግኝቶ ይሆን? አምላኩ ይገልጥለት ይሆን? ሲወለድ የተሰጠው ጭንቅላት ይሆን? ሁሉንም አሰበ። ካርቶኑ ግን በሐሳቡ ውልብ አላለበትም። እንዴት ይበልበት? ያንን ካርቶን የልጁን ጥናት ለማበላሸት ነው ያወጣው። የራሱ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያምራል፤ አንዱ ሣጥን ሲያልቅ እየሰረዘ ሲሄድ ሥራ የጨረሰ ይመስለዋል። በበነጋው ያደረገው ነገር ቢኖር ተንኮሉን ማጥበቅ ነበር።

"ገሪማ፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መጽሐፉ ከእኔ ጋር ቢቆይ ይሻላል" አለው። "ፊርማው የኔ ነው፣ ዝናቡም ከፍቷል፤ ከወዲያ ወዲህ ሲባል ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

ገሪማ ፊቱ ጥቂት ጠቆረ። ወዲያው ግን፣ "እውነትዎን ነው። የጥያቄ ወረቀቶቹ አሉኝ፤ የጠፋብኝን ብቻ መጥቼ ላፍታ ልይ?" አለ።

"ላፍታ ይሁን።"

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰርተፊኬቱ ሁሉ ተጽፎ ተማሪው ሲበተን፣ ሽብሩ መጽሐፉን ታቅፎ ያላለቁትን ምዕራፎች ሊጨርስ ሲሮጥ ገሪማ ባዶ ክፍል ውስጥ የዓመቱን ጥያቄዎች ከዚህም ከዚያም እየደባለቀ ይሠራ ነበር። ጧት ከዲኤንኤ አንዱን፣ ከቫይረስ አንዱን፣ ከፕሮቲን አንዱን። ማታ በጊዜ ይተኛል፤ መጽሐፍ የለውማ፣ ምን ያስመሸዋል? ሽብሩ ግን በፋኖስ ያነጋ ጀመር። ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ሳምንት ማየት አማረው፤ ፕሮግራሙ ላይ ቦታ አልተወለትም። ጊዜ ሁሉ በአዲሱ ምዕራፍ ተይዟል።

ወደ አዲስ አበባ በአንድ አውቶቡስ ሄዱ። ገሪማ እስከ አዋሳ ድረስ በመስኮት እያየ ዘመረ፣ ከሻሸመኔ ወዲያ ተኛ። ሽብሩ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ገልጦ መንገዱ እያንገጫገጨው አነበበ። አልፎ አልፎ ቀና ይልና የተኛውን ልጅ ያያል። የተኛ ሰው ላይ መቅናት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፈተናው ጥቂት ጥያቄ ነበረው፤ ክፋቱም እሱ ነው። አንደኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አንድ ባክቴሪያ የወተት ስኳር ባይሰጠውም ስኳሩን የሚቆርጠውን ኢንዛይም ሁልጊዜ ይሠራል፤ በአንዲት የዲኤንኤ ፊደል መለወጥ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ከዲኤንኤው ተነሥተህ እስከ ፕሮቲኑ ድረስ አስረዳ።

ሽብሩ ብዕሩን አንሥቶ ቆየ። የዘር ለውጥን ያውቀዋል፤ የሦስተኛው ሳምንት ነው። የሦስት ሦስት ፊደሉን ያውቀዋል፤ የሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ትንሽ ደብዝዟል። ጂን መዝጋትና መክፈትን ያውቀዋል። እያንዳንዱ ግን በየሣጥኑ ተቀምጧል፣ ቀለሙም ለየብቻ ነው፤ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው የሚያሻግረው መንገድ አልነበረውም። በሐሳቡ በረንዳው መጣበት፤ የሚስቱ ሳቅ መጣበት። "ዘበኛዋ ከመጀመሪያው የተበላሸች ብትሆንስ?" መልሱ ይኸው ነበር። ያኔ ግን ሽብሩ የሰማው ሳቁን እንጂ ነገሩን አልነበረም፤ ዘበኛዋ ከየት ተሠርታ፣ በምን ተበላሽታ፣ ምን ላይ መቀመጥ እንዳቃታት አሁን ቢጎትተው አልመጣለት አለ። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊቱ ገሪማ ጀርባውን አጎንብሶ ሳያቋርጥ ይጽፋል። ሽብሩ ያንን ጀርባ እያየ ጊዜው አለቀ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ገሪማ ከላይ ሁለተኛ ነበር። ሽብሩ አልወደቀም፤ ከማለፊያው ነጥብ ትንሽ ከፍ ብሎ አልፏል። መውደቁ ይሻለው ነበር፤ ታምሜ ነበር ይል ነበርና። የአውራጃው ዕድል ለማን እንደሆነ ሌላ ሰው ሊነግረው አላስፈለገም።

ገሪማ ከሰው መሐል ሮጦ መጥቶ አንገቱን አቀፈው። ከዚያ እጁን ይዞ እየጎተተ ትምህርቱን የሚሰጣቸው የዩኒቨርሲቲው መምህር ዘንድ ወሰደው። "ይኸው እሳቸው ናቸው!" አለ እያለቀሰ። "ፕሮግራሙን ያወጡልኝ ጋሼ ሽብሩ ናቸው! እኔ መጀመሪያ ልተወው ነበር፣ አትልቀቅ ያሉኝ እሳቸው ናቸው!" ካርቶኑን፣ በሦስት ሳምንት እጅ ያሻሸውን፣ ከከረጢቱ አውጥቶ ዘረጋው።

መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን በሣጥኖቹ ላይ እያስኬደ፣ አሮጌው ምዕራፍ የት የት ቦታ እንደሚመለስ፣ በምን በምን ተደባልቆ እንደሚመጣ፣ "ያለ መጽሐፍ" የሚለው ስንት ቦታ እንዳለ ተከተለ። "ብዙ ተማሪ እኮ ማንበብንና ማወቅን አይለይም" አለ። "ገጹን ደጋግሞ ሲያየው ያወቀ ይመስለዋል። ይሄ ፕሮግራም ግን ተማሪው ሊረሳ ሲል ይጠይቀዋል፣ ከራሱ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። እንዲህ አድርጎ ማሰብ ከየት መጣልህ፣ አቶ ሽብሩ?"

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። መምህሩ ትሕትና መሰለው። ለሚመጣው ክረምት ተማሪዎች የሚሰጥ አንድ ንጹሕ ቅጂ እንዲሠራለት ለመነው። ሽብሩ በዚያ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ተንኮሉን በገዛ እጁ፣ በማስመሪያ፣ በአራት ቀለም እንደገና ገለበጠው።

ዲላ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ነበር። ገሪማ ለዲሬክተሩ በጻፈው የምስጋና ደብዳቤ ሁሉን አውርቶታል፤ መጽሐፉን እንኳ ሽብሩ ዝናብ እንዳያበላሸው ብሎ እንደጠበቀለት ሳይቀር። ከይርጋጨፌም ከገደብ ከተማም አስተማሪዎች ካርቶን ይዘው ይመጡ ጀመር። "ጋሼ፣ የገሪማን ዓይነት" ይላሉ። ስሙም ያ ሆኖ ቀረ፦ የገሪማ ዓይነት። ሽብሩ ባወጣው ፕሮግራም ሲመሰገን የኖረ ሰው ነው፤ አሁን በሕይወቱ ካወጣው ሁሉ የበለጠ ይመሰገናል፤ እያንዳንዷ ምስጋና ግን የሌላ ሰው ስም ለብሳ ትመጣለች። ቅናቱም አልለቀቀውም። ቀድሞ በገሪማ ይቀና ነበር፤ አሁን ደግሞ ገሪማ በሚያወራለት፣ ደግና ብልህ በሆነው በዚያ በሌላኛው ሽብሩ ይቀናል።

አንድ ቀን ከሰዓት የገደቡን አስተማሪ ሸኝቶ ሲመለስ አልጋነሽ በረንዳው ላይ መኪናዋን አቁማ ተቀምጣለች። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የከረመውን የእሱን ካርቶን አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፤ ሣጥኖቹ ሁሉ በየተራ፣ በንጽሕና ተሰርዘዋል። አጠገቧ ለሌላ አስተማሪ የተዘጋጀ የገሪማ ዓይነት ተዘርግቷል። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

"ሽብሩ" አለች። ሳቅ አልነበረባትም። "እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማውጣት ታውቅ ከነበረ፣ ለራስህ ለምን አላወጣህም?"

ሽብሩ ማስመሪያውን አነሣ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ መልሶ አስቀመጠው።  ከዚያ የእሱን ካርቶን ሁለት አድርጋ አጠፈችና ከጨርቅ ቁርጥራጩ ጋር አስቀመጠችው፤ መኪናዋንም ማስኬድ ጀመረች።